ሐሙስ ከሰባት እስከ ዘጠኝ

ስልኩ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ዓብዱልሀሚድ ሱቅ ተደወለ። በዚያ ዓመት፣ በ1958፣ ዳንግላ ውስጥ ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። የዓብዱልሀሚድ ቁጥር ዘጠኝ ነው። እጀታውን ሲያዞሩት ስልክ ቤት ያለችው ማናለብሽ ታነሳለች፣ የፈለጉትን ቁጥር ይነግሯታል፣ እሷ ታገናኛለች። ካገናኘች በኋላ ትዘጋለች ብሎ የሚያምን ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም።

«ሸጋ! ነይ፣ ከቆሰበር ነው! ስለ ቤቱ ነው!» ዓብዱልሀሚድ ሱቁ በር ላይ ቆሞ መንገዱን አሻግሮ ጮኸ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የላከኝ አስተማሪ ነኝ፤ በእትየ ሸጋ ግቢ አንዷን ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ደብተር እያረምኩ ነበር። እትየ ሸጋ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች፤ መንገዱ መሃል ስትደርስ ቆመችና ተመለሰች፤ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

ሱቅ ውስጥ መነጋገሪያውን ስሰጣት እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«አንቺ አናግሪልኝ። ፊቱን የማላየውን ሰው ምን ብዬ አናግረዋለሁ?»

አናገርኩ። የወንድ ድምፅ ነው፤ በመስመሩ ፉጨት ውስጥ እየራቀ እየቀረበ ይሰማል። አበረ እባላለሁ አለ፤ የመንገድ ሥራ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፣ ከቆሰበር ወደ ዳንግላ ተዛውሬያለሁ፣ የሚከራይ ቤት እንዳለ ሰምቻለሁ አለ። ከዚያ ጥያቄውን ጀመረ። ቤቱ ስንት ክፍል ነው? ጓሮው ይዘጋል? በጓሮ በኩል በር አለው? በሩ ምን ያህል ይሰፋል? ከመንገድ ይታያል? አሁን ማን ማን ይኖርበታል?

ለሁሉም መለስኩ። ለመጨረሻው ግን «ሁለት ሴቶች» አልኩ።

«ሐሙስ ልምጣ» አለ። «ከሰባት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ውስጥ እደርሳለሁ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ቁርጥ ያለ ሰዓት ልነግርሽ አልችልም። ግን ዝም ብዬ አልመጣም። መኪናውን የማስፈቅደው ረቡዕ ማታ ስለሆነ፣ ረቡዕ ቀን ደውላችሁ አረጋግጡልኝ። ቆሰበር አራት ቁጥር በሉ። እኔ ባልኖር እንኳ መልእክቱን ይቀበላሉ። ካልደወላችሁ ቀርቷል ማለት ነው።»

መነጋገሪያውን ሰቅዬ ለእትየ ሸጋ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የጓሮ በር ጠየቀ?»

«ጠየቀ።»

«ከመንገድ ይታያል ወይ አለ?»

«ቤት የሚከራይ ሰው ሁሉ ይጠይቃል እኮ፣ እትየ።»

መንገዱን ተሻግራ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ።

ቤቱ ውስጥ የምንኖረው ሁለት ሴቶች ብቻ አልነበርንም። ልጇ ሀብቱም ነበር። ሃያ ዓመት አልሞላውም። ከእልፍኙ ጀርባ፣ በቀርከሃ ግድግዳ በተከለለች ጓዳ ውስጥ ከክረምት ጀምሮ ተደብቆ ነበር። አጎቱ አዲስ ቅዳም አጠገብ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ አንድ ሰው ገደለ፤ ታስሮ ሳለ በበሽታ ሞተ። የተገደለው ሰው ወንድሞች ነበሩት። ገዳዩን በሽታ ስለነጠቃቸው ደሙ ወደ ቀረው ወንድ ዞረ። የቀረው ወንድ ሀብቱ ነው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

እትየ ሸጋ ልጇን ይዛ ዱርቤቴ እህቷ ዘንድ ልትሄድና ከዚያ ወደ ሩቅ አገር ልትልከው አስባ ነበር። ግን ቤቱ ባዶ ከሆነ ጎረቤት ያያል፣ ወሬው ገበያ ይወጣል፣ ከገበያ አዲስ ቅዳም ይደርሳል፣ ሰዎቹም መንገድ ላይ ይጠብቃሉ። ስለዚህ እነሱ በሚወጡበት ቀን ተከራይ መግባት አለበት፤ ከቤቱ ጣሪያ ጭስ ሳይቋረጥ። እኔ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነኝ፤ የእኔ አንዲት ምድጃ ማንንም አታታልልም። ተከራይ የፈለገችው ለዚህ ነበር።

ማታ ሦስታችን ተነጋገርን፤ ተጨቃጨቅን ማለት ይሻላል።

«ሊገድል የሚመጣ ሰው የስልክ ቁጥር አይተውም» አልኩ።

«ለምን አይተውም? አራት ቁጥር የማን ነው? እሱን ንገሪኝ» አለች እትየ ሸጋ።

አላውቅም ነበር።

«እንደ እኔ ከሆነ ይምጣ» አለ ሀብቱ። ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ነበር። የአባቱ ነው፤ ሌት ተቀን ከእጁ አይለየውም። «ይምጣና እንተያይ። እዚህ እንደ አይጥ መቀመጥ ሰልችቶኛል።»

«ዝም በል!» አለችው እናቱ። «አንተን እንዲሰለችህ አይደለም የወለድኩህ።»

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሱቁ ሄድን። መጀመሪያ ማናለብሽን አነጋገርኳት።

«አራት ቁጥር? ሆቴል ነው እኮ» አለች ሳቅ ብላ። «ቆሰበር ያደረ ሁሉ አራት ቁጥር ነው። ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ለፍርድ ቤት የመጣው። ምነው፣ ያ የሰኞው ሰውዬ አስፈራሽ? ድምፁ ግን መልካም ነው፤ የእትየ ሸጋን ቤት ካልወደደ ወደ እኔ ላኪው።»

እትየ ሸጋ ጆሮዋን ከእኔ ጆሮ ጋር አጣብቃ ትሰማ ነበር። ላረጋግጥ ወይስ ልተው? ዓብዱልሀሚድ ስኳር እየመዘነ ቀና ብሎ አያትና «ሸጋ፣ ሰው ሁሉ ጠላት አይደለም» አላት። ዓይኗን ጨፈነች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ነበር።

«አገናኚኝ» አልኩ።

የሆቴሉ ሰው አነሳ። አበረ ሥራ ላይ ነው አለ። መስመሩ ያን ቀን ክፉ ነበር፤ ጮክ ብዬ ነበር የምናገረው። እሱም እንደ ሆቴል ወግ፣ እንዳይሳሳት፣ እያንዳንዱን ቃል ከእኔ እየተቀበለ ጮክ ብሎ ይደግመዋል።

«ዳንግላ!»

«ዳንግላ!»

«የሸጋ ቤት! ከዓብዱልሀሚድ ሱቅ ፊት ለፊት!»

«የሸጋ ቤት! ከዓብዱልሀሚድ ሱቅ ፊት ለፊት!»

«ሐሙስ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ! እንጠብቀዋለን! ከዘገየ ዳንግላ ዘጠኝ ቁጥር ይደውል!»

ሁሉንም ደገመው። ከበስተጀርባው የብርጭቆ ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጫጫታው ቀነስ ያለ መሰለኝ። «ይነገረዋል፣ እመቤቴ» አለና ዘጋ።

ሐሙስ ከርዕሰ መምህሩ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። እትየ ሸጋ ከጠዋት ጀምሮ ጠላ አጥልላ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ ሌማቱ ላይ ደርድራ ነበር። ዘዴዋን ነገረችኝ።

«ደመኛ ከደመኛው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ሳይታረቅ ከቀመሰ ዘሩ ይረገማል። የፈለገውን ቢዋሽ በዚህ አይዋሽም። ከጠጣ ሰው ነው። ካልጠጣ... እኔ 'ልጄ፣ ውሃ አምጪ' እልሻለሁ። ያኔ አንቺ በፊት በር ውጪ፤ ሀብቱ ያውቃል።»

«ምኑን ነው የሚያውቀው?»

የቀርከሃው ግድግዳ ላይ ጣት የምታሳልፍ ክፍተት አለች። ከክፍተቷ ጀርባ ሀብቱ ነበር።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል። ከዓብዱልሀሚድ ሱቅ የሚጠራን አልነበረም። መንገድ ላይ መኪና በመጣ ቁጥር እትየ ሸጋ ተነስታ ትቀመጣለች። እንዲህ የሁለት ሰዓት ጊዜ ተሰጥቶ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ገባኝ፤ ደቂቃው ሁሉ እኩል ያስፈራል። ስምንት ካለፈ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሱቁ ዘንድ ቀስ አለ፣ አልቆመም፣ በአጥሩ ጎን ታጥፎ ዞረ። ሞተሩ ጓሯችን ላይ ሲጠፋ ሰማን።

በጓሮ ነው የመጣው።

እትየ ሸጋ ክንዴን ጨበጠችኝ። ጥፍሯ ገባ።

«ቤቶች!» አለ የወንድ ድምፅ። «ይቅርታ፣ የጓሮ በሩ መኪና ያስገባ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው። ያስገባል!»

ገባ። ረጅም፣ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ጫማውም ቁምጣውም አቧራ የለበሰ ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ለእትየ ሸጋ እጅ ነሳ። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ መስኮቱን ከፍቶ ዘጋ። «ሚስቴ ጨለማ ቤት አትወድም» አለ። ያደረገው ሁሉ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ሥራ ነበር። ወደ ቀርከሃው ግድግዳ ተጠጋ።

«ይህስ?»

«እህል ማስቀመጫ ነው፤ ተቆልፏል» አልኩ።

«ግድ የለም።» ተመለሰ።

እትየ ሸጋ ጠላውን ቀዳች። ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችለት።

«ጠጣ፣ የኔ ጌታ። መንገድ ውለሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ። ይቅርብኝ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«አይሆንልኝም።»

«ዳቦ እንኳ ቅመስ።»

«ያክብርልኝ። ዛሬ አልችልም።» ዓይኑን ከእሷ ላይ አሸሸ።

ከቀርከሃው ጀርባ ብረት ብረትን ሲነካ ሰማሁ፤ ቀስ ያለ ድምፅ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን አይስተውም። እትየ ሸጋ ወደ እኔ ዞረች። ከንፈሯ ነጭ ነበር። «ልጄ...» አለች።

ውሃ እስክትለኝ አልጠበቅሁም።

«ለምንድን ነው የማትጠጣው?» አልኩት። እንግዳ እንዲህ አይጠየቅም፤ ግን ጠየቅሁት። «አመመህ? ጠላችን አስጠላህ? ምክንያትህን ተናገር!»

ሰውየው ደነገጠ። ከዚያ አፈረ፤ አንገቱ ድረስ ቀላ።

«እንዲህ ታፋጥጪኛለሽ ብዬ አላሰብኩም፣ እህቴ። ጽጌን እጾማለሁ። ስለት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ። ይህን ደግሞ ማውራት ከንቱ ውዳሴ ነው ብዬ ነው።»

እትየ ሸጋ አየችኝ። ጥቅምት ነበር። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ ከአሥር ሰው አንዱ ቢጾም ነው፤ የሚጾመውም ለሰው አይናገርም። እውነት ሊሆን ይችላል። ደመኛም ይህን ሰበብ ሊያውቅ ይችላል።

ሰዓቴን አየሁ። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነበር።

«እንግዲያው ዘጠኝ እስኪሆን ቁጭ በል» አልኩት። «ከእኛ ቤት ሳትቀምስ አትወጣም።»

«እሺ» አለና ተቀመጠ። ዋንጫው ፊቱ ነበር። ስለ ቤቱ ማውራት ጀመረ፤ ቆርቆሮው መቼ እንደተመታ፣ ክረምት ያፈስ እንደሆነ። ስለ ሚስቱ አወራ፤ እናትነሽ ትባላለች፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ስለቱም ለዚያ ነው። እትየ ሸጋ ትመልስለት ነበር፤ አንዴ ትክክል፣ አንዴ ያልተጠየቀችውን። እኔ ሰዓቴን ሳይ ከቀርከሃው ጀርባ ያለውን ትንፋሽ እሰማለሁ። ቢስል፣ ቢደክመው፣ ጣቱ ቢንቀጠቀጥ... ይህን ሁሉ አሰብኩ። ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

«ዘጠኝ ሆኗል» አልኩ።

አበረ አማተበ። ዋንጫውን አነሳ። እስከ ግማሹ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ። ዳቦ ቆርሶ ጎረሰ። እትየ ሸጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ያኔ ነው ሀብቱ የሳለው።

አበረ ማላመጡን ተወ። ቀርከሃውን አየ። እትየ ሸጋን አየ። በአፉ የነበረውን ቀስ ብሎ ዋጠና ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ።

«ወንድ ልጅ አለሽ?» አላት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከቆሰበር ሁለት ሰዎች አሳፍሬ ነበር የመጣሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ስልኩ ሲመጣ እዚያው ሆቴል ነበሩ። ባለ ሆቴሉ ሲጮህ ሰምተዋል፤ የማን ቤት እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ሰዓቱን ሁሉ። ማታ መጥተው 'የሸጋን ቤት ልታይ ነው አሉ፤ እኛም ወደዚያው ነን፣ አሳፍረን' አሉኝ። አሳፈርኳቸው። መንገድ ላይ 'ቤቱን አገላብጠህ እይልን፣ ስንት ሰው እንዳለ፣ ጓዳውን ሁሉ። ስትመለስ ንገረን' አሉኝ። ቤቱን ሊሻሙኝ መስሎኝ ስቄ ነበር። ከተማው መግቢያ ወረዱ። ጋቢ ደርበዋል። ከጋቢው ሥር ያለውን አላየሁም።»

«የት ነው ያሉት?» አልኩ።

«ድልድዩ አጠገብ ጠላ ቤት። እስከ ዘጠኝ እንደምጨርስ ያውቃሉ።»

እትየ ሸጋ እንደ ቆሰለ ሰው አቃሰተች። ቀርከሃው ተከፈተና ሀብቱ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። አፈሙዙ ወደ አበረ ነበር። አበረ እጁን አላነሳም፤ ዳቦውን እንደያዘ ነበር።

«አስቀምጠው፣ ወንድሜ» አለ። «እህላችሁን በልቻለሁ።»

«ድልድዩ ጋ እሄዳለሁ» አለ ሀብቱ። «ሁለት ናቸው አይደል? ይበቃኛል።»

«አንተ ጅል!» አልኩት። «ሁለቱን ብትገድል ስንት ወንድም ይቀራቸዋል? ቆጥረሃል?»

እናቱ በጉልበቷ ሄዳ ጠመንጃውን ከእጁ ወሰደች። አልታገላትም። ብዙ ቀን ሰው ፊት ያልወጣ ልጅ ነው፤ ብርሃኑ ዓይኑን አስጨንቆት ነበር።

«መኪናው ጓሮ ነው» አለ አበረ። «ወደ ዱርቤቴ የማደርሰው አካፋና ዶማ አለ፤ ላዩ ሸራ ነው። ድልድዩ በዚያኛው በኩል ነው፤ እኔ በዚህኛው እወጣለሁ። ግን አሁኑኑ። ሞተሩን ሲሰሙ ወደ እነሱ የምመለስ ይመስላቸዋል፤ ካልመጣሁ ይነቃሉ።»

«እኔም እሄዳለሁ» አለች እትየ ሸጋ።

«ሂጂ» አልኳት። «ጠመንጃውን ጠቅልለሽ ውሰጂው። እኔ እዚህ ነኝ።»

ስንቅ አልያዘችም። ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም። ሀብቱ ሸራው ሥር ሲገባ አየሁት፤ እሷ ከአጠገቡ፣ ከአካፋዎቹ መሃል ተኛች። አበረ ሸራውን አሰረና ወደ መሪው ወጣ። ሞተሩ በመጀመሪያው አልተነሳም። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ተነሳ።

ወደ ቤት ተመልሼ የቀርከሃውን በር ዘጋሁ። ሦስት ዋንጫ ነበር፤ አንዱን ብቻ ተውኩ። እሳቱ ላይ እንጨት ጨመርኩበት፤ ጭሱ ከጣሪያው እንዲወጣ። ገና ተጎንብሼ ሳለሁ የፊት በሩ ተንኳኳ። ዝግ ያለ፣ የትሕትና ማንኳኳት ነበር።

ከፈትኩ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሸምገል ያለ፣ ሌላው በእኔ ዕድሜ። እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነበር።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመቤት። የሚከራይ ቤት አለ ተባልን» አለ ሽማግሌው።

«አለ» አልኩ። «ባለቤቷ የለችም። እኔ አሳያችኋለሁ። ግቡ።»

እልፍኙን አሳየኋቸው። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ መስኮቱ፣ አበረ የጠየቀውን ሁሉ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ድምፄ የራሴ አይመስልም፤ ግን ይናገር ነበር። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ተነጋገሩ፤ አልገባኝም። ወጣቱ የቀርከሃውን በር በእግሩ ገፋው። ባዶ ጓዳ ነው፤ መደብ፣ ቁርበት፣ አንድ ብርድ ልብስ። ገብቶ ተንበረከከና እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አሳለፈ። እዚያው አቆየው።

«ሞቋል» አለ በአማርኛ፣ ለእኔ እንዲገባኝ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «ማን ተኝቶበት ነበር?»

«እኔ» አልኩ። «ስለታመምኩ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ነው የቀረሁት። እናንተ ስታንኳኩ ነው የተነሳሁት።»

ወደ ጫማዬ አየ። ክሩ እስከ ላይ ታስሮ ነበር። ከዚያ ወደ ፊቴ አየ። ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ብነቅል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ከሩቅ፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ የጭነት መኪና ማርሽ ለውጦ ዳገቱን ሲጀምር ይሰማ ነበር። ሦስታችንም ሰማነው። ወጣቱ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሽማግሌው በክንዱ ያዘው፤ በእግሩ ሮጦ የጭነት መኪና የሚይዝ ሰው የለም።

«ሌላ ክፍል አለ?» አለኝ ሽማግሌው።

«አለ» አልኩ። «ኑ፣ የእኔን ክፍል ላሳያችሁ።»

የማወራውን እያበዛሁ፣ እያንዳንዱን መስኮት እየከፈትኩ ወሰድኳቸው። ማውራቱን ያቆምኩት የመኪናው ድምፅ ጨርሶ ሲጠፋ ነው።